ማር፣ እንፋሎት፣ ነጭ ሽንኩርት፦ ደረት ሲታመም

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደየአመጣጣቸው እመልሳለሁ።

«የ8 ወር ልጄ ደረቷ ታፍኗል። እናቴ ማር በጣትሽ አስልሻት ትላለች። ትንሽስ?»

ትንሽም አይሆንም። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ መርዝ ያመነጫል። ልጅ የሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱ ይዝላል። ማሩን ማፍላትም አያድንም። ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳሉን ያበርዳል፤ የሳንባ ምች ግን አያድንም።

እኔን ያሳሰበኝ «ታፍኗል» ያልሽው ነው። ተረጋግታ ሳለ ልብሷን ገለጥ አድርጊና አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿን ቁጠሪ። በ8 ወሯ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም አየር ስትስብ ከጎድኗ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ጡት እንቢ ካለችሽ ደግሞ መቁጠሩንም ተዪው፣ ሂጂ።

«እኛ ባሕር ዛፍ አፍልተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንታጠናለን። እንፋሎቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል አይደል?»

አፍንጫ ይከፍታል፣ ለጊዜው ቀለል ይላል። እስከዚህ ልክ ነህ። መግደሉን ግን እርሳው። ሳንባ የሚደርሰው አየር ጀርም የሚገድል ሙቀት ቢኖረው ቀድሞ የሚቃጠለው ጉሮሮህ ነበር።

የ4 ዓመት ልጅ አስታምሜያለሁ። ድስቱ በርጩማ ላይ ነበር። ሙቀቱ ሲያስጨንቃት ብርድ ልብሱን ስትገፋ ውሃው ጭኗ ላይ ተገለበጠ። ሳሏ በሳምንት ለቀቃት፤ ቁስሉ ግን ወራት ፈጀ። ልጅን አታጥኑ። አዋቂም ድስቱን ከእሳት አውርዶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። ከሰሉን ደግሞ በተዘጋ ቤት አታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። አስም ያለበት ሰው በእንፋሎት ሊብስበት ይችላል።

«የልብ ቫልቭ አስቀይሬ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ለሳሌ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በቀን አምስት ፍሬ ጀመርኩ።»

ወንድሜ፣ አቁም። ወጥ ውስጥ የሚገባው ግድ የለም። ጥሬው በብዛት ሲሆን ግን ደም ማቅጠኑ በመድኃኒቱ ላይ ይደረባል። ድድህ ከደማ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ ቀጠሮህን አትጠብቅ። ለሳሉ አንቲባዮቲክ ከታዘዘልህም ዋርፋሪን እንደምትወስድ ተናገር። አንዳንዱ አንቲባዮቲክ ከሽንኩርቱ ይብሳል።

«እኔ አንቲባዮቲኩን ጥዬ በነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ድኛለሁ! ሳሉ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ወር ሆነው።»

አብዛኛው የደረት ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ በራሱ ይለቃል። ሽንኩርቱ ይሁን ጊዜው ያዳነህ፣ አንተም እኔም መለየት አንችልም። የቀረህ ሳል ግን ወር ሞልቷል። እኛ ሳል ሁለት ሳምንት ሲያልፍ አክታ እናስመረምራለን፣ ለቲቢ። ነገ ጠዋት ሂድ፤ ያቋረጥከውን መድኃኒትም ይዘህ ሂድ።