ለእርማት ተላከ የተባለው ረቂቅ አብሮ ሳይመጣ ሲቀር

«አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹ይህን ሪፖርት አርሚልኝ፣ ሐሙስ ጠዋት ይፈለጋል› ብሎ ኢሜል ላከልኝ። ብፈልግ ብፈልግ ፋይል የለውም። አጠር አድርጌ ምን ብዬ ልመልስለት?»

እህቴ፣ መልሱን ከመጻፍሽ በፊት የመልእክቱን ርእስ እዪው። በ Re: የሚጀምር ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ሰው ለቆየ ደብዳቤ መልስ ሲጽፍና የአንቺን አድራሻ ሲጨምርበት፣ ወደ አንቺ የሚመጣው የቀድሞው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አባሪው እዚያው ይቀራል። አባሪውን ይዞ የሚመጣው በ Fwd: የተላከው ነው። ባልደረባሽ ግን ፋይሉን በራሱ ሳጥን ውስጥ ስለሚያየው፣ ልኬዋለሁ ብሎ ነው የሚያምነው። ወደ ታች ወርደሽ ከሌላ ሰው የመጣ «ረቂቁ ተያይዟል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኘሽ ነገሩ ይኸው ነው፤ ያንኑ ደብዳቤ በ Fwd: እንዲልክልሽ ጠይቂው።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ መሀል ሊንክ እንዳለ አረጋግጪ። ፎቶ የበዛበት ሪፖርት በቀላሉ ከ25 ሜጋባይት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጂሜይል ፋይሉን በማያያዝ ፋንታ የጉግል ድራይቭ ሊንክ ያደርገዋል። ከፍተሽው ፈቃድ ከጠየቀሽ Request access ን ተጭነሽ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ጥያቄው የሚሄደው ለፋይሉ ባለቤት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሥራውን የላከልሽ ሰው ላይሆን ይችላል። ለላኪውም በቃል ንገሪው። winmail.dat የሚባል ፋይል ብቻ ከመጣም ረቂቁ የታሸገው እዚያ ውስጥ ነው፤ ላኪው የአውትሉክ መልእክቱን ከ Rich Text ወደ HTML ቀይሮ እንደገና ይላከው።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦

«ሰላም ወንድሜ፣ የእርማቱ ሥራ ደርሶኛል፤ ረቂቁ ግን ከመልእክቱ ጋር አልመጣም። እባክህ የመጨረሻውን ቅጂ በወርድ ላክልኝ፤ የፋይሉን ስምና የገጹን ብዛትም ጻፍልኝ። ዛሬ ማክሰኞ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከደረሰኝ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስረክባለሁ።»

«አልመጣም» እንጂ «አላያያዝክም» አትበዪ። በእርግጠኝነት የምታውቂው እንዳልደረሰሽ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። በወርድ ይሁን ያልሽው ደግሞ የለወጥሽው ሁሉ ተለይቶ እንዲታየው ነው።

የፋይሉን ስም ማስጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ግን እዚህ ላይ ነው። ሰው ጊዜ እንዳያልፍበት ብሎ ከቴሌግራም ግሩፕ ወይም ካለፈው ሳምንት ደብዳቤ ላይ ተመሳሳይ ርእስ ያለው ረቂቅ ያወጣና ማረም ይጀምራል። እውነተኛው ሲመጣ ግማሹ አንቀጽ ተቀይሯል፣ ሠንጠረዡም ሌላ ነው። ወርድ ሁለቱን ቅጂዎች ሊያነጻጽር ይችላል፤ ነገር ግን የአንቺን እርማትና የጸሐፊውን አዲስ ለውጥ ቀላቅሎ ያሳይሻል፤ አንድ በአንድ መለየት እንደገና ከማረም አያንስም። ስለዚህ ስሙ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አትንኪ።

ሰዓቱን የጻፍሽው ደግሞ ለራስሽ መከላከያ ነው። ሪፖርቱ 40 ገጽ ነው እንበል፤ በጥንቃቄ ሲነበብ በሰዓት 5 ገጽ ቢሄድልሽ 8 ሰዓት ይፈጃል። ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ከመጣ ረቡዕ ሙሉ ቀን አለሽ። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከመጣ ግን እስከ 11 ሰዓት የምታደርሺው 15 ገጽ ብቻ ነው፤ የቀረው 25 ገጽ ሐሙስ ጠዋት አይደርስም። ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ የዘገየችው አራሚዋ ናት ይባላል። ላኪው ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ከሆነ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት» ብለሽ ሙሉውን ጻፊ፤ እነሱ ዘንድ 10 ሰዓት ሌላ ነው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ወደ አንድ ይምጡ ወይስ እንደ ጥንቱ ይለዩ የሚለውን ጥያቄ በዚህ መልስ ውስጥ አታስገቢ። አስፈላጊ ነው፤ ግን ጥያቄ ከበዛ ሰውዬው ለእሱ መልስ ይሰጥና ፋይሉን እንደገና ይረሳዋል። ረቂቁ ከመጣ በኋላ ትጠይቂዋለሽ።

ሲመጣም ወዲያው ክፈቺው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ እዪ። በፊደላችን ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ካየሽ ፋይሉ አልተበላሸም፤ እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ የቆየ ፎንት የተጻፈ ነው። ፎንቱን አብሮ እንዲልክልሽ ወይም ወደ ዩኒኮድ እንዲቀይረው ጠይቂው። ደህና ከተከፈተ ደግሞ «ደርሶኛል፣ 40 ገጽ ነው» ብለሽ የደረሰሽን ሰዓት ጽፈሽ ላኪለት።