የሒሳብ ግምትን በኋላ በታወቀ ውጤት ሳይዳኙ ኦዲት ማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ጀማሪ ኦዲተር፦ ባለፈው ዓመት የተያዘው የብድር መጠባበቂያ 6 ሚሊዮን ነበር፤ የደረሰው ኪሳራ ግን 9 ሚሊዮን ሆነ። ያለፈው ግምት ስህተት ነበር ብዬ ልጻፍ?

መላሽ፦ ልዩነቱ ብቻውን ስህተት መኖሩን አያረጋግጥም። የሒሳብ ግምቶችን ኦዲት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃ አይኤስኤ 540 ያለፈው ግምት የት እንደደረሰ እንድናይ የሚያዝዘን የዘንድሮው ግምት በየት በኩል ሊሳሳት እንደሚችል እንድናውቅ ነው እንጂ፣ በወቅቱ በነበረው መረጃ ተገቢ የነበረን ውሳኔ ዛሬ እንድንነቅፍ አይደለም። ስለዚህ 3 ሚሊዮኑን በየተበዳሪው ይለዩትና ፋይሎቹን ያውጡ። 2 ሚሊዮኑ የመጣው ክፍያውን በወቅቱ ሲከፍል ቆይቶ፣ ሒሳቡ ከተዘጋ ከሦስት ወር በኋላ መጋዘኑ ከተቃጠለበት ደንበኛ ነው እንበል፤ ይህ ስህተት አይባልም። የቀረው 1 ሚሊዮን ግን ከመዝጊያው ቀን በፊት ሁለት ክፍያ ሳይከፍል ያሳለፈ፣ የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤም ያስገባ፣ ሆኖም ከጤናማ ብድሮች ጋር የተመደበ ደንበኛ ከሆነ፣ መረጃው በእጅ ስለነበረ ስህተት ነው። የሚለያቸው በደብዳቤው ላይ ያረፈው የመዝገብ ቤት ማኅተም ቀን ነው።

የውስጥ ኦዲተር፦ ታዲያ ከመዝጊያው ቀን በኋላ የሆነውን ጨርሶ ባናይ አይሻልም?

መላሽ፦ አይሻልም፤ ከመዝጊያው ቀን በኋላ ስለሚከሰቱ ጉዳዮች የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ አይኤኤስ 10 በመዝጊያው ቀን የነበረን ሁኔታ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከዚያ በኋላ ቢመጣም እንድንጠቀምበት ያስገድዳል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቅደም ተከተሉ ነው። እኔ የቀጣዮቹን ወራት የክፍያ መዝገብ ከመክፈቴ በፊት፣ እስከ መዝጊያው ቀን በነበረው መረጃ ብቻ ተመሥርቼ የራሴን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት በሥራ ወረቀቱ ላይ ጽፌ፣ ቀን አኑሬ እፈርማለሁ። ውጤቱን አስቀድሞ ያየ ሰው የጻፈው ግምት ሳያውቀው ወደ ውጤቱ ይጠጋል።

ተማሪ፦ ለቆየ ዕቃ ስንት በመቶ መጠባበቂያ በቂ ነው?

መላሽ፦ ዕቃው ምን እንደሆነና በምን ፍጥነት እንደሚሸጥ ሳይገለጽ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም።

የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ፦ እኛ ዘንድ በቆጠራ 40 ካርቶን ጎደለ፤ ይህስ ግምት ነው?

መላሽ፦ አይደለም፣ የቆጠራ ጉድለት ነው።

የውስጥ ኦዲተር፦ ወደ ዕቃው ልመለስ። በ100 የተገዛ መለዋወጫ ከመዝጊያው ሁለት ወር በኋላ በ70 ተሸጠ። ሽያጩ የመዝጊያውን ቀን ዋጋ አያሳይም?

መላሽ፦ ዋጋው ለምን እንደወረደ ሳይታወቅ አያሳይም። አምራቹ አሮጌውን ሞዴል እንደሚያቆም ያስታወቀው ከመዝጊያው በፊት ከሆነ የዕቃው ዋጋ በዚያው ዓመት ይቀነሳል፤ ከመዝጊያው በኋላ አስታውቆ ዋጋው በዚያ ምክንያት ከወደቀ ግን የቀጣዩ ዓመት ጉዳይ ነው። አሁንም የማስታወቂያውን ቀን ይመልከቱ።

የባንክ ኦዲተር፦ በዚህ አልስማማም። ማስታወቂያው ዘግይቶ ቢወጣም፣ የዕቃው ሽያጭ ከመዝጊያው በፊት ለስድስት ወር ሲቀዘቅዝ ከነበረ ሁኔታው ቀድሞ ነበረ።

መላሽ፦ መቀዝቀዙ በወርኃዊ የሽያጭ ሪፖርት ላይ ከታየ ትክክል ነዎት። ከ30ው ቅናሽ ምን ያህሉ የመቀዝቀዙ፣ ምን ያህሉ የማስታወቂያው ውጤት እንደሆነ ግን ከሽያጭ ደረሰኙ ብቻ መለየት አልቻልኩም፤ እርስዎ በምን ይለዩታል?