መልሱን የት ላይ ነው የምንተካው?

«3(x − 2) = x + 8ን ሠርቼ x = 5 አገኘሁ። መልሼ ስተካው ልክ ይመጣል። ቲቸር ግን ኤክስ አደረገብኝ። ለምን?»

የተካኸው ሁለተኛው መስመርህ ላይ ነው መሰለኝ፤ ማለትም 3x − 2 = x + 8 ላይ። እዚያ 5ን ስታስገባ በግራም በቀኝም 13 ይመጣል። ግን መስመሩ ራሱ የተበላሸ ነው። 3ቱ ቅንፍ ውስጥ ያለውን 2 ሳያባዛው አልፏል። ስህተትህን በዚያው ስህተት አረጋገጥከው ማለት ነው። እኔም ተማሪ እያለሁ ስንቴ በዚህ ተሸውጃለሁ!

ወርክሺቱ ላይ የታተመው እኩልታ ላይ ተካ። ግራው 3(5 − 2) = 9፣ ቀኙ 13። አይገናኙም። ቅንፉ በትክክል ሲፈታ 3x − 6 = x + 8 ይሆናል፤ x = 7። አሁን ሁለቱም ወገን 15 ነው።

የሚተካ x በሌለበት ጥያቄ ግምት ይሻላል። 19.8 ኪሎ በ48.50 ብር ስንት ነው ቢልህ፣ 20 በ50 1000 ነው። ሁለቱንም ከፍ ስላደረግን ትክክለኛው ከ1000 ትንሽ ያንሳል። 96.03 ከጻፍክ ነጥቧ ቦታ ስታለች። ግን 960.30ን አዘዋውረህ 906.30 ብትጽፍ ግምት አይይዝልህም። ያኔ 906.30ን ለ19.8 አካፍል። 48.50 ካልመጣ እንደገና ሥራው።