የአይሱዙው ኢንሹራንስና ጳጉሜን

«ሰላም ጋሼ። ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል ንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለአይሱዙአችን የዓመት ሙሉ ኢንሹራንስ 73,000 ብር ኅዳር 11 ቀን 2017 ከፈልን። ፖሊሲው ከ25/11/2024 እስከ 24/11/2025 ይላል። እኔ ሙሉውን የኅዳር ወጪ አድርጌ መዘገብኩት። ኅዳር ኪሳራ አሳየ፣ ባለቤቱም ተቆጡ። አሁን ጥርን ዘግተናል። በየወሩ ላካፍለው ብል ጳጉሜን የት አደርጋታለሁ? ባለቤቱ ደግሞ ‹መኪናው ክረምት ይቆማል፣ ወጪው በበጋ ወራት ብቻ ይያዝ› ይላሉ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከቀኑ እንጀምር። ገንዘቡ የወጣው ኅዳር 11 ነው፤ ሽፋኑ የሚጀምረው ግን በፖሊሲው ቀን ነው። 25/11/2024 በእኛ ኅዳር 16 ቀን 2017 ነው። 24/11/2025 ደግሞ ኅዳር 15 ቀን 2018። ስለዚህ ከኅዳር 11 እስከ 15 ባለው ጊዜ አንድም ብር ወጪ የለሽም። 73,000ው በሙሉ ቅድመ ክፍያ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማለትም ድርጅቱ ገና ያልተጠቀመበት ሀብት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደረሰኙን ብቻ ይዞ ይቆጥራል፤ ፖሊሲውን ከፋይሉ አያወጣም። ኮፒውን ከክፍያ ማዘዣው ጋር አያይዢው፤ በኋላ ከራስሽም ከኦዲተርም ጋር አትጨቃጨቂም።

አሁን ወደ ጳጉሜን። ብዙ ቢሮ 73,000ን ለ12 አካፍሎ በወር 6,083.33 ያወጣል፤ ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ይቀላቅላታል። ስህተት ነው አልልም፤ በመጨረሻው ወር ሳንቲሙን ማስተካከል ብቻ ነው። እኔ ግን በቀን መቁጠሩን እመርጣለሁ። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ በቀን መቁጠር ለእኛ ከፈረንጆቹ ይልቅ ይቀላል። የ2017 ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ ፖሊሲሽ በጠቅላላው 365 ቀን ይሸፍናል። 73,000 ለ365 ሲካፈል በቀን ልክ 200 ብር ይመጣል። ሙሉ ወር 6,000፣ ጳጉሜን 1,000። የኅዳር 2017 ድርሻ ከ16 እስከ 30 ያለው 15 ቀን ነው፣ 3,000 ብር። ጳጉሜንን ለብቻዋ የምትዘጊ ካልሆነ ነሐሴ ላይ 7,000 ጻፊ፤ ማብራሪያው ላይ «የነሐሴና የጳጉሜን» በይ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ብትሆንም ፖሊሲው የተጻፈው በፈረንጆቹ ቀን ስለሆነ ቀኑን ከፖሊሲው ቁጠሪ፤ በ366 የምታካፍዪው የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 በፖሊሲው ጊዜ ውስጥ ሲወድቅ ነው።

የባለቤቱ ሐሳብ ከንግዱ አንጻር ይገባኛል። መኸር ሲገባ መኪናው ቀን ከሌት ዓባይ በረሃን ይወርዳል ይወጣል፣ ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ናፍጣ ቢሆን ትክክል ናቸው፤ ናፍጣ የሚያልቀው ሲነዳ ነው። ኢንሹራንስ ግን የሚያልቀው በቀን ነው። ነሐሴ ላይ መኪናው ቆሞ ሳለ ሌባ ቢወስደው ወይም እሳት ቢነሳበት፣ ፖሊሲው እስከሸፈነ ድረስ ካሳ ይጠየቃል። ስለዚህ የቆመበትም ቀን 200 ብር ይበላል። ይህን በዚህ መልክ ንገሪያቸው፤ የሒሳብ ደንብ እያልሽ ብትሟገቻቸው ከመናደድ በቀር ምንም አይገባቸውም።

ቀጥሎ የተመዘገበውን ማስተካከል። እስከ ጥር 30 ድረስ ወጪ መሆን የነበረበት የኅዳር 3,000፣ የታኅሣሥ 6,000፣ የጥር 6,000 ነው፤ በድምሩ 15,000። አንቺ 73,000 ጽፈሻል። 58,000 ብር ያለጊዜው ወጪ ሆኗል ማለት ነው። ወራቱ ስለተዘጉ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አትነካኪ። በየካቲት መጀመሪያ ቀን አንድ የጆርናል ቫውቸር ሥሪ፦

ዴቢት፦ ቅድመ ክፍያ ኢንሹራንስ 58,000
ክሬዲት፦ የኢንሹራንስ ወጪ 58,000

ከዚያ የካቲት 30 ላይ የወሩን ድርሻ ታዞሪያለሽ፦

ዴቢት፦ የኢንሹራንስ ወጪ 6,000
ክሬዲት፦ ቅድመ ክፍያ ኢንሹራንስ 6,000

ቅድመ ክፍያው 52,000 ይቀራል። በዚህ መንገድ የየካቲት ወር ብቻውን ሲታይ የኢንሹራንስ ወጪው ከዜሮ በታች ሆኖ ይመጣል፣ 52,000 ተቀናሽ። አትደንግጪ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ያለው ድምር ትክክል ነው። ለባለቤቱ የየካቲትን ሪፖርት ስትሰጪ ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጻፊበት። አለዚያ ኅዳር ላይ የተቆጡት ሰው አሁን ደግሞ ያለ ምክንያት ይደሰታሉ።

ዋናው ፈተና ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ወጪ የሚሆነው የኅዳር 3,000 እና ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ያለው የሰባት ወር 42,000 ነው፤ በድምሩ 45,000። ቀሪው 28,000 በሀብት ዝርዝር ላይ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ነው። ሙሉውን 73,000 በ2017 ወጪ አድርገሽ ብታሳውቂ ትርፉን በ28,000 ብር ታሳንሺዋለሽ፤ የግብር ኦዲተር ፖሊሲውን እንዳየ ጥያቄ የሚያነሳው በዚያች ላይ ነው።

ልክ መሆንሽን ለማወቅ ወደ ኋላ አትደምሪ፤ ወደ ፊት ቁጠሪ። ከሰኔ 30 በኋላ ፖሊሲው ስንት ቀን ይቀረዋል? ሐምሌና ነሐሴ 60፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረምና ጥቅምት 60፣ ኅዳር 15። 140 ቀን ሆነ። በ200 ሲባዛ 28,000። ሌጀሩ ላይ ያለው ቀሪ ከዚህ ከተለየ አንድ ወር ዘለሻል ወይም ሁለቴ አዙረሻል። ልዩነቱ 6,000 ከሆነ አንድ ወር ነው፤ 1,000 ከሆነ ጳጉሜንን ፈልጊያት። ቀሪው ወደ ክሬዲት ከዞረ ደግሞ ፖሊሲው ካለቀ በኋላም እያዞርሽ ነው። ይህ በፒችትሪ የሒሳብ ፕሮግራም ተደጋጋሚ ምዝገባ ሠርተው ማብቂያውን የማያስተካክሉ ሰዎች ዘንድ ይበዛል። የመጨረሻው ኅዳር 2018 ምዝገባ 3,000 እንጂ 6,000 አይደለም፤ እሱን በእጅሽ ጻፊው።

ኅዳር 2018 ላይ ፖሊሲው ሲታደስ በአንድ ወር ውስጥ የአሮጌው 15 ቀንና የአዲሱ 15 ቀን ይገናኛሉ። አዲሱ አረቦን አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል በየፖሊሲው ለየብቻ የሚቆጠር ሰንጠረዥ ያዢ፤ በኤክሴል አንድ መስመር ለአንድ ፖሊሲ ይበቃል። የመጋዘኑ የእሳት ኢንሹራንስም ካለ እዚያው በራሱ መስመር ይግባ።

መኪናው መሃል ላይ ቢሸጥና ፖሊሲው ቢሰረዝ ኢንሹራንሱ የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ አንቺ ከምትቆጥሪው ቀሪ ያንሳል። ለምሳሌ ግንቦት 30 ላይ ቀሪሽ 34,000 ሆኖ የተመለሰው 27,000 ቢሆን፣ 27,000ውን ለባንክ ዴቢት አድርጊ፤ 7,000ውን የዚያው ወር ወጪ አድርገሽ ቅድመ ክፍያውን ዜሮ አውርጂው። ለቀሩት ወራት ልበትነው አትበይ፤ ሽፋኑ የለም።