ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ስለ ፕሮፋይል ፎቶ ሊነግራችሁ የሚፈልገው

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ ከ30 ዓመት በላይ ፎቶ ቤት የሰራሁ ሰው ነኝ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃት፣ ሰርግ፣ ምን ያላነሳሁት አለ። አሁን ቤት ነኝ፣ ግን የሰፈር ልጆች ስራ ጀምረው ፔጅ ሲከፍቱ «ጋሼ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» እያሉ ስልካቸውን ይሰጡኛል፣ እኔም አያለሁ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያው አንድ አይነት ስህተት ነው የማየው።

የጎረቤቴን ልጅ ነገር ላውራችሁ። አካውንታንት ናት፣ ድርጅት ውስጥ 6 ዓመት ሰርታ ለቀቀችና ለትናንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሂሳብ መያዝ፣ ግብር ማሳወቅ ጀመረች። ፌስቡክ ላይ ፔጅ ከፈተች፣ ሊንክድኢንም አላት። «ሰው ያየዋል ጋሼ፣ ግን ማንም ሜሴጅ አይልክም» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ እጄን ዘርግቼ ራቅ አድርጌ አየሁት። የምርቃት ፎቶዋ ነው፣ ጋወን ለብሳ አበባ ታቅፋ፣ ጎኗ ላይ የተቆረጠች ጓደኛዋ ትከሻ አለ። ትልቁን ፎቶ ስታዩት ያምራል። ኮመንት ላይ ስትጽፍ ግን ያ ፎቶ የአውራ ጣት ጥፍር አክላ ነው የምትታየው፣ ታዲያ የሚታየው ጥቁር ነገርና ቀይ ነጥብ ብቻ ነው፣ ፊት የለም። ከላይ ያለው ሰፊው ባነር ላይ ደግሞ ሱፍ የለበሱ ፈረንጆች እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፣ ከኋላቸው የመስታወት ፎቅ። «እነዚህ እነማን ናቸው?» ስላት ሳቀች፣ «ከጎግል ነው ጋሼ»።

እስቲ በባለሱቁ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ይሄ ሰው ደረሰኙን፣ የሽያጩን መዝገብ፣ ጓዳውን ነው ለማያውቃት ልጅ የሚሰጠው። መጀመሪያ የሚያስበው ጎበዝ ናት ወይ ብሎ አይደለም፣ ይቺ ሰው የእውነት አለች ወይ ነው። በሰው ፎቶ የሚያጭበረብር በበዛበት ጊዜ ደግሞ አይፈረድበትም። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ለሰዎች የማያውቁትን ሰው ፊት ለአንድ አስረኛ ሰከንድ ብቻ አሳይተው ይታመናል አይታመንም ብለው ጠየቁ፣ ረዘም ያለ ጊዜ ሲሰጣቸውም ፍርዳቸው ብዙም አልተቀየረም፣ በፍርዳቸው ላይ ያላቸው እርግጠኝነት ነው የጨመረው። ፍርዱ ልክ ነው ማለት አይደለም እኮ፣ ግን ይፈርዳሉ። እና ፊቱ ጭራሽ ካልታየስ?

ስለዚህ አዲስ አነሳናት፣ ስቱዲዮ አልሄድንም፣ በወንድሟ ስልክ ነው። መጀመሪያ በረንዳቸው ላይ ሞከርን፣ ጣሪያው አረንጓዴ ላስቲክ ነው፣ ፊቷ የታመመች መሰለ። ሸራ ወይ ላስቲክ ጣሪያ ስር ስትቆሙ ቀለሙ ፊታችሁ ላይ ይወርዳል፣ አይናችሁ ስለሚለምደው አታዩትም፣ ፎቶው ግን ያየዋል። ውጪ እንዳንወጣ ደግሞ ቀትር ነበር፣ የአዲስ አበባ የ6 ሰዓት ፀሀይ አናት ላይ ስለሆነ አይንን ጥቁር ጉድጓድ ያደርገዋል፣ አይኑ የማይታይ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሳሎኑ በር ጋር፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብታ ወደ ደጅ እያየች ቆመች። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ለስለስ ብሎ ይመጣል፣ ከኋላዋ ያለው ክፍል ጨለም ይላል፣ ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ የለም። ነጭ ግድግዳ ላይ አታስደግፉ፣ ስልኩ ነጩን አይቶ ብርሃን ስለሚቀንስ የኛ ፊት ይጠቁራል። ግድ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነክታችሁ የምትመጣዋን የፀሀይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ጎተት አድርጉ። ሌንሱንም ጥረጉት፣ የወንድሟ ስልክ ላይ የጣት ቅባት ነበረበትና የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ጭጋግ ሆነው ነው የወጡት።

ሰልፊ ለምን አይሆንም ካላችሁ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ የተነሳ ፊት አፍንጫው ከ1 ሜትር ተኩል ከተነሳው ወደ 30 ፐርሰንት ሰፍቶ ይታያል፣ የተሰላ ነገር ነው። ወንድሟን 2 ሜትር አራቅኩት፣ ዙሙን 2 አደረገው፣ ስልኩን በአይኗ ልክ ያዘው።

ከዛ ትልቁ ችግር መጣ። እንደ ጉርድ ፎቶ ደረቀች! ይሄ የኛ የፎቶ ቤት ሰዎች ጥፋት ነው መሰለኝ፣ «ቀጥ በል፣ አትሳቅ» ስንል ኖረን ህዝቡን ሁሉ መታወቂያ አስመሰልነው። 20 ምናምን ፎቶ ተበላሸ። በኋላ «ያ ደረሰኙን በፌስታል ሙሉ ይዞ የሚመጣው ደንበኛሽ አሁን በር ላይ ቆሟል፣ ምን ትይዋለሽ?» አልኳት፣ ሳቅ ልትል ስትል ነው የተነሳችው፣ እሱን መረጥን። ፊልተር አላስነካሁም፣ ቆዳው እንደ ፕላስቲክ የለሰለሰ ፎቶ ሰው አይመስልም፣ በአካል ስትገናኙ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናላችሁ።

ስትቆርጡት ከደረት በላይ አድርጉት፣ የፕሮፋይሉ ክብ ማዕዘኖቹን ስለሚበላ ከጸጉር በላይ ትንሽ ቦታ ተዉለት። ከዛ ለጥፋችሁ አንድ ቦታ ኮመንት ጻፉና እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት፣ አይኑ ከታየ በቃ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትቀባበሉ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት፣ ዝም ብላችሁ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ባነሩ ላይ እኔም ልሳሳት ነበር። ፈረንጆቹን አውርደን የራሷን ጠረጴዛ አነሳን፣ ፋይሎች፣ ካልኩሌተር፣ ደረሰኞች። ደስ ብሎኝ ሳለ እሷ ራሷ ዙም አድርጋ ደነገጠች፣ ደረሰኙ ላይ የደንበኛው ስምና የቲን ቁጥር ይነበባል! የሰው ሚስጥር የምትይዝ ልጅ የሰው ወረቀት ባነር ላይ ከሰቀለች ማን ያምናታል። ፋይሎቹን ዘግተን ደግመን አነሳን።

ጽሁፉ አንድ መስመር ብቻ፣ «የሂሳብ መዝገብና የግብር ስራ ለአነስተኛ ንግዶች»። ፊደላችን ለ እና ሉ፣ ላ እና ሊ በትንሽ ጭረት ነው የሚለያዩት፣ ቀጭን ፎንት ሲያንስ ሁሉም አንድ ይሆናል፣ ስለዚህ ወፍራምና ትልቅ ይሁን። ቦታውም ወሳኝ ነው። የሊንክድኢን ባነር 1584 በ396 ፒክስል ነው፣ በግራ በኩል ታችኛውን የራሷ ፎቶ ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ ጽሁፉ ወደ ቀኝ። የፌስቡክ ከቨር ኮምፒውተር ላይ 851 በ315 ሆኖ ሲታይ ስልክ ላይ 640 በ360 ነው፣ ማለትም ለኮምፒውተር ልክ የሰራችሁት ባነር ስልክ ላይ ከስፋቱ አንድ ሶስተኛ የሚሆነው ይቆረጣል፣ ስለዚህ ጽሁፉ መሀል። አንዱን ለሁለቱም ለጥፋ ስለነበር ሊንክድኢን ላይ ጽሁፉ ፎቶዋ ስር ገብቶ ነበር፣ ለየብቻ ሰራንላት።

ፊቴን ማሳየት አልፈልግም የምትሉ አላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ የሚደርስባችሁን ስለማውቅ አልከራከርም። ስራ ላይ ያለ የራሳችሁ እጅ ከተውሶ ፊት ይሻላል።

ልጅቷ አሁን ያንኑ ፎቶ ሊንክድኢንም ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አድርጋዋለች፣ አንዱ ጋር ያያት ሌላው ጋር እንዲያውቃት። በቅርቡ አንድ ባለ ምግብ ቤት ካፌ ውስጥ ሊያገኛት መጥቶ ማንንም ሳይጠይቅ ቀጥ ብሎ ጠረጴዛዋ ጋር ተቀመጠ አለችኝ። እናቷ ግን እስካሁን ተቀይማኛለች፣ «የምርቃቱን ፎቶ ለምን አስወረድክባት» ትለኛለች። ሳሎን ተሰቅሏል እኮ፣ ደግሞ ያነሳሁት እኔ ነኝ።