40 ፎቶ ለምን አይበቃም

«12 ዓመት በብየዳ ሠርቻለሁ፤ ትምህርቴን ግን በ6ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በሠራኋቸው ሥራዎች ማስረጃ፣ የሙያ ብቃቴን ልመዘን ብዬ ያለቁ በሮችና መስኮቶች 40 ፎቶ ሰብስቤያለሁ። ይበቃኛል?»

አይበቃም ወንድሜ። ያለቀ በር ፎቶ ማን እንደበየደው አያሳይም፤ መዛኙ መጀመሪያ የሚጠራጠረውም ይህንኑ ነው። የምትመዘንበትን የሙያ ደረጃ ሰነድ አስቀድመህ ያዝ። ሰነዱ በብቃት አሃዶች፣ ማለትም ለየብቻ በሚመዘኑ የሥራ ክፍሎች፣ የተከፋፈለ ስለሆነ እያንዳንዱ ማስረጃ ለየትኛው አሃድ እንደሚሆን ምልክት አድርግበት።

ከ40ው ይልቅ አንድ በር ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው አሳይ፦ ንድፉ ከነልኬቱ፣ ብረቱ ተቆርጦ ጠርዙ ሲጸዳ፣ በነጥብ ብየዳ ተይዞ ማዕዘኑ ሲለካ፣ በመጨረሻም ስላጉ ከተራገፈ በኋላ የብየዳው መስመር በቅርብ። ቢያንስ በሁለት ፎቶ ላይ አንተ ራስህ ከነመከላከያህ ታይ። ከሥር አጭር ማብራሪያ ጨምር። «ቱቦላሬው ስስ ስለሆነ እንዳይበሳ 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ተጠቀምኩ፣ አምፔሩንም ቀነስኩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ፎቶ ይበልጣል፤ ምክንያቱን እንደምታውቅ ያሳያልና። መጻፍ ከከበደህ በድምፅ መቅዳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ።

የአሠሪ ደብዳቤ «ታታሪና ታማኝ ነው» ብቻ ካለ ለምዘናው ዋጋ የለውም። ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛውን ሥራ፣ ያለ ረዳት ወይስ በሌላ ሰው ቁጥጥር እንደሠራህ ይጻፍልህ፤ የሚያረጋግጥ ሰው ስልክም ይኑረው። የድሮ ሥራ ብቻ አታቅርብ፣ የቅርብ ጊዜም ጨምር።

ንድፍ ማንበብ ላይ ክፍተት ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የሚቀርህ ያ አሃድ ብቻ ነው፤ እሱን ተምረህ ወይም በተግባር አሳይተህ ታሟላለህ።