ቤቱ ለአንዷ፣ ገንዘቡ ለሌሎቹ፤ ስምምነቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ «እናታችን ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ሦስት ልጆች ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ ውጭ አገር የምትኖረው እህቴና እኔ። ኑዛዜ የለም። እኔ ስድስት ዓመት አብሬያት እየኖርኩ አስታምሜያታለሁ። ጣሪያውንም ያሳደስኩት በራሴ ገንዘብ ነው። ወንድሜ ደግሞ ‹ያለ ኪራይ ኖረሻል› ይለኛል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በአስማሚ ፊት ቤቱ ለእኔ እንዲሆን፣ የእነሱን ድርሻ በገንዘብ እንድከፍል ተስማማን። ወንድሜ ‹እህትና ወንድም አይደለን? ግማሽ ገጽ ይበቃል› እያለ ነው። እውነት ይበቃል?»

መልስ፦ አይበቃም። «ቤቱ ለእሷ ይሁን፣ እሷም ድርሻችንን ትከፍላለች» የሚል ግማሽ ገጽ ይዘው ወደ ቢሮዬ የመጡ እህትና ወንድሞች ነበሩ። ድርሻው ስንት እንደሆነ አልተጻፈም። በየትኛው ቀን ዋጋ፣ እስከ መቼ እንደሚከፈልም የለም። ክፍያው ዘገየ፣ የቤቱ ዋጋ ወጣ። ወንድሞች «በዛሬ ዋጋ» አሉ፣ እህት ደግሞ «በተፈራረምንበት ቀን ዋጋ»። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።

በአስማሚው ፊት ወንድምዎ «እሺ፣ ጣሪያውን አምኛለሁ» ብለው ሊሆን ይችላል። እሱን ይርሱት። በብዙ አገሮች ሕግ በሽምግልናው ክፍል ውስጥ የተባለ ነገር በኋላ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ሰዎች በነጻነት እንዲነጋገሩ ሲባል የተደረገ ነው። አስማሚውም እንደ ዳኛ አይወስንም፣ ብዙውን ጊዜም ምስክር አይሆንልዎትም። የሚቀረው የተፈረመው ወረቀት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ራሱ ወረቀቱ ላይ ይውጣ። ውጤቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ነው የምለው። ቁጥሮቻችሁን ስላልነገሩኝ በምሳሌ ልሥራው፤ ድርሻችሁም እኩል ነው ብዬ ልነሳ። ቤቱ 6,000,000 ተገመተ እንበል። ባንክ 900,000 አለ። የሕክምና ብድር 300,000 አልተከፈለም። ለቀብር ወንድምዎ 120,000 አውጥተዋል። የእርስዎ ጣሪያ ደግሞ በደረሰኝ 180,000 ነው። ጠቅላላው ሀብት 6,900,000 ይሆናል። ብድሩ፣ የቀብሩና የጣሪያው ወጪ ሲቀነሱ 6,300,000 ይቀራል። ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 2,100,000 ይደርሳል።

ከባንኩ ገንዘብ ብድሩ ይከፈላል፣ የቀብሩ ወጪ ለወንድምዎ ይመለሳል። የሚቀረውን 480,000 ወንድምዎና እህትዎ እኩል ይወስዳሉ፤ 240,000፣ 240,000 ማለት ነው። እርስዎ ለእያንዳንዳቸው የሚጎድለውን 1,860,000 ይከፍላሉ፣ በድምሩ 3,720,000። ይህን ከቤቱ ዋጋ ላይ ቢቀንሱት በእጅዎ 2,280,000 ይቀራል። ድርሻዎና የጣሪያው ወጪ ማለት ነው። ሒሳቡ እንዲህ ከተጻፈ በኋላ «ጣሪያው ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም?» የሚል ሰው አይመጣም። የገማቹ ማንነትና ግምቱ የተሠራበት ቀንም አብሮ ይጻፍ። «ይህ ዋጋ ክፍያው እስኪያልቅ አይለወጥም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገርም ትግባ።

ስድስቱ የማስታመም ዓመታትስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ዝም የሚለው፣ ርዕሱ ስለሚያም። እርስዎ ድካምዎን ሲቆጥሩ ወንድምዎ ኪራዩን ይቆጥራሉ። ጣሪያው ደረሰኝ አለው፤ ሌሊት መነሳት ግን የለውም። በገንዘብ ልትተምኑት ከቻላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ካልቻላችሁና ላለመጠያየቅ ከተስማማችሁም ይጻፍ፦ «ለማስታመም የሚጠየቅ ክፍያና ቤቱ ውስጥ ለመኖር የሚጠየቅ ኪራይ ተቻችለዋል፤ ማንም በዚህ ጉዳይ ሌላውን አይጠይቅም።» ይህ አንቀጽ ከሌለ ክሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ስም ይመጣል። ማን በደለ፣ ማን ሳይጠይቅ ቀረ የሚለው ግን ከሰነዱ ውጭ ይሁን። ወቀሳ ያለበትን ወረቀት የሚፈርም አይገኝም።

አሁን ወደ ክፍያው። እነሱ «መጀመሪያ ብሩ» ይላሉ። እርስዎ ደግሞ «መጀመሪያ ቤቱ በስሜ ይዙር» ይላሉ፣ ባንክ ያለ ስምዎ ስለማያበድርዎት። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። መውጫው ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌ ወንድምዎና እህትዎ የስም ማዛወሪያውን ፈርመው ሦስታችሁም በምታምኑት የሕግ ባለሙያ ዘንድ በአደራ ያስቀምጡ። ባንኩ ገንዘቡ ተዘጋጅቷል ሲል ሰነዱ ይለቀቃል፣ ክፍያውም በዚያው ቀን በቀጥታ ወደ ሁለቱ ሒሳብ ይገባል። በየጊዜው ከፋፍለው የሚከፍሉ ከሆነ ደግሞ ቀሪው እስኪያልቅ ቤቱ ለእነሱ በመያዣነት ይመዝገብ። የስም ማዛወሪያው ግብርና የአገልግሎት ክፍያ በማን እንደሚሸፈን አይዘንጋ። በምሳሌዬ ሒሳብ ውስጥ የለም፣ ያልተጻፈ ወጪ ደግሞ ማንም የእኔ ነው አይልም።

ብድሩ ቢከለከልስ? ይህን መጠየቅ ያሳፍራል፣ ግን ይጠየቅ። «እስከ እንዲህ ያለ ቀን ካልተከፈለ ተጨማሪ 60 ቀን ይሰጣል። ያም ካለፈ ቤቱ ይሸጣል፣ ገንዘቡም በዚሁ ስሌት ይከፈላል» ብላችሁ ብትጽፉ ሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል። ከግምቱ በላይ ወይም በታች ቢሸጥ ልዩነቱ ለማን እንደሆነም ጨምሩ።

ያልታወቀ ዕዳ ብቅ ሊል ይችላል። የእናንተ ስምምነት አበዳሪውን አያስረውም፤ እሱ የሚጠይቀው በሕጉ መሠረት ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት እርስ በርስ መተሳሰር ነው፦ ከፊርማው በኋላ የተገኘ ዕዳም ሆነ ሀብት በሦስት እኩል ይከፈላል ብላችሁ። በዚሁ አጋጣሚ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእናታችሁ እንደነበረ አረጋግጡ። በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ወይም ያልተጠራ ሌላ ልጅ ካለ እሱ ያልፈረመበት ስምምነት አይነካውም።

እህትዎ በውክልና የሚፈርሙ ከሆነ የውክልናውን ቃል አንብቡ። «ጉዳዬን ያስፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ድርሻን ለመተውና ለመታረቅ ላይበቃ ይችላል፤ ሥልጣኑ ተለይቶ ይጻፍ፣ ሰነዱም ቤቱ ባለበት አገር ተቀባይነት እንዲኖረው በአግባቡ ይረጋገጥ። አንዳንዶች «የሲንጋፖር ስምምነት አለ፣ በየትም አገር ይፈጸማል» ሲሉ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለፊርማ የተከፈተው ይህ በአስማሚ ፊት ስለሚደረሱ ስምምነቶች የወጣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለንግድ ጉዳዮች ነው። የቤተሰብንና የውርስን ጉዳይ በግልጽ ከውስጡ አውጥቷል። ስለዚህ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ ስምምነታችሁን ቤቱ ባለበት ቦታ ፍርድ ቤት አጽድቁት። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚቆጠር ሳይከፈል ቢቀር አዲስ ክርክር ሳይሆን አፈጻጸም ነው የሚጠየቀው።

አንድ ነገር ቀረ፣ የዕቃው ነገር። የእናታችሁን ቀለበት፣ ፎቶዎችና መጻሕፍት በዝርዝር አባሪ አድርጉ፤ የትኛው ለማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚረከብ። በሚሊዮን ተስማምተው በአንድ የፎቶ አልበም የተኮራረፉ ሰዎች አውቃለሁ። ፎቶዎቹን በየስልካችሁ ቅጂ ተካፈሉ፣ አልበሙን ለአንዱ ጻፉለት። ረቂቁን ይዛችሁ ሂዱና አንድ ሁለት ቀን አድራችሁ ፈርሙ። ወንድምዎ ለግማሽ ገጽ ቢቸኩሉ፣ የሒሳቡን ገጽ ብቻ መጀመሪያ ያሳዩዋቸው።